የአቀበት ሒሳብ

ባለፈው ኅዳር አምስት ሆነን ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ተራራ ሄደን ነበር። ከመነሣታችን በፊት በካርታ ላይ መንገዱን ለካን፤ መሄጃው 6 ኪሎ ሜትር፣ መመለሻውም ያው 6 ኪሎ ሜትር ሆነ። ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን ሁለት ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይበቃናል ስንል ወሰንን። ከቀኑ 8 ሰዓት ተነሥተን በ10 ሰዓት ተኩል ለመመለስ ያሰብነው፣ ቤታችን የገባነው ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከመካከላችንም አንዱ በጨለማ ድንጋይ አዳልጦት ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎት ነበር። ስሕተታችን ከእግራችን ሳይሆን ከሒሳባችን መሆኑን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀብንም።

ይህን ሒሳብ ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 (እ.ኤ.አ.) በአጭር ቃል አስቀምጦት ነበር። በካርታ ላይ ለሚለካው ለያንዳንዱ 3 ማይል አንድ ሰዓት፣ ለሚወጣው ለያንዳንዱ 2,000 ጫማ ከፍታ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመር አለ። በኛ መለኪያ ሲገለጽ፣ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ10 ሜትር አቀበት አንድ ደቂቃ ማለት ነው። እንግዲህ 600 ሜትር መውጣት የ5 ኪሎ ሜትር ሜዳ ያህል ጊዜ ይወስዳል።

ኔይስሚዝ ደንቡን የጻፈው በአንድ ቀን ሦስት ተራሮችን፣ ማለት ክሩዋክ አርድሬንን፣ ስቶብ ቢኒያንንና ቤን ሞርን፣ ከወጣ በኋላ ነው። መንገዱ 10 ማይል፣ የወጣው አቀበት በጠቅላላው 6,300 ጫማ ነበር። ለርቀቱ ሦስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ለአቀበቱ ሦስት ሰዓት ከ9 ደቂቃ ቢታሰብ ድምሩ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል፤ የወሰደበትም ጊዜ ይኸው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ከሦስቱ ከፍተኛው ቤን ሞር 3,852 ጫማ ብቻ ነው። ታዲያ 6,300 ከየት መጣ? ከአንዱ ተራራ ወርዶ ወደ ሌላው እንደገና ስለ ወጣ ነው። ስለዚህ የሚቈጠረው የጫፉ ከፍታ ሳይሆን የየአቀበቱ ድምር ነው።

አሁን ወደ ኛ መንገድ እንመለስ። መጀመሪያ 400 ሜትር ወጣን፤ ቀጥሎ 150 ሜትር ወደ አንድ ወንዝ ወረድን፤ ከዚያም 350 ሜትር ወጥተን ጫፉ ላይ ደረስን። ጫፉ ከመነሻችን የሚበልጠው በ600 ሜትር ነው፤ የወጣነው ግን 750 ሜትር ነው። ስንመለስም ከወንዙ ወዲህ ያለችውን 150 ሜትር እንደገና መውጣት አለብን። ስለዚህ የመሄጃው 72 ደቂቃ ለርቀት፣ 75 ደቂቃ ለአቀበት ነው። የመመለሻው 72 እና 15 ነው። ድምሩ ሦስት ሰዓት ከ54 ደቂቃ ይሆናል። በኅዳር ደግሞ በአዲስ አበባ አካባቢ ጀምበር የምትጠልቀው በ12 ሰዓት ገደማ ስለ ሆነ፣ በ8 ሰዓት የተነሣ ሰው ምንም ሳያርፍ ቢሄድ እንኳ የሚመለሰው ከጀምበር ጋር እኩል ነው።

ደንቡ ዕረፍትን፣ ሸክምንና ጭቃን አያስብም። ቁልቁለትንም እንደ ሜዳ ይቈጥረዋል። ኋላ ኤሪክ ላንግሙር የተባለ ተራራ ዐዋቂ ይህን ሲያርም፣ ለስላሳ ቁልቁለት ሲሆን ለ300 ሜትር 10 ደቂቃ ይቀነስ፣ ገደል ያለ ቁልቁለት ሲሆን ግን 10 ደቂቃ ይጨመር ብሏል። በተጨማሪም ደንቡ የተገኘው ከኛ ከተማ እጅግ ዝቅ ባለ አገር ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ተነሥቶ ለሚወጣ ሰው አየሩ የሳሳ በመሆኑ ደቂቃው ይረዝማል።

ታዲያ የራስን ልክ ማወቅ የሚቻለው በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጕብታ 3 ኪሎ ሜትርና 400 ሜትር አቀበት ስለ ነበር፣ በደንቡ 76 ደቂቃ ይገባዋል። እኛ ግን 95 ደቂቃ ወሰደብን፤ ይኸውም አንድ አራተኛ ትርፍ ነው። በዚያው መጠን ሙሉው መንገድ አምስት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ጕብታው ላይ ቆመን ማስላት እንችል ነበር። ሰዓቱ 9 ከ35 ነበር፤ ከዚያ ብንመለስ ኖሮ በብርሃን ቤታችን እንገባ ነበር። እኛ ግን ጫፉ ስለ ታየን ብቻ ቀጠልን።