ከተጨመቀ ምስል የሎጎን ቀለም ማውጣት

ደንበኛው ሎጎውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ልኮ «ባነሩን በዚሁ ቀለም ሥሩልኝ» ይላል። ቴሌግራም ግን ፎቶውን በጄፔግ ጨምቆታል። የቀለም መምረጫውን ባገኙት ቦታ ላይ ቢያሳርፉ አንዱ ፒክስል አንድ ቁጥር፣ ጎረቤቱ ሌላ ቁጥር ይሰጥዎታል። የትኛውን ይመኑ?

ጄፔግ ብርሃንንና ቀለምን ለይቶ ያስቀምጣል። ዓይናችን ከቀለም ይልቅ የብርሃንን ልዩነት አጥርቶ ስለሚያይ፣ ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ፒክስል ሲይዝ ቀለሙን አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ፒክስል አንዴ ብቻ ይመዘግባል። በዚህም ምክንያት አረንጓዴው ከነጩ በሚዋሰንበት ጠርዝ ላይ ሁለቱ ይደባለቃሉ። መረጃው በካሬ በካሬ እየተከፈለ ስለሚጠጋጋም፣ የአንድ ጠርዝ ረብሻ እስከ 16 ፒክስል ድረስ ሊዘልቅ ይችላል።

እንግዲህ ምስሉን በደንብ አጉልተው፣ ከሎጎው ሰፊና ወጥ የሆነውን ክፍል ይፈልጉ። ከጠርዙ ቢያንስ 16 ፒክስል ወደ ውስጥ ይግቡ። መምረጫውን በአንድ ፒክስል ሳይሆን በ5 በ5 አማካይ ላይ ያድርጉትና ከተለያዩ ቦታዎች ይውሰዱ። ቁጥሮቹ በ1 ወይም በ2 ብቻ ከተለያዩ ቦታው ጥሩ ነው።

የድርጅቱ አረንጓዴ #078930 ነው እንበል፤ ይኸውም ቀይ 7፣ አረንጓዴ 137፣ ሰማያዊ 48 ማለት ነው። ይህ ወጥ ቀለም በመደበኛው የጄፔግ ሰንጠረዥ በጥራት 50 ቢጨመቅ እንኳ፣ ስሌቱ መሃሉ ላይ 8፣ 137፣ 47 ይሰጣል። መጨመቅ ጠርዙን ቢያበላሽም መሃሉን ብዙም አይነካውም።

መሃሉ ላይ ያነበቡት 61፣ 135፣ 60 ቢሆንስ? ጥፋቱ የመጨመቁ አይደለም። ምስሉ ወደ ዲስፕሌይ ፒ3 የቀለም መገለጫ ተቀይሮ መገለጫው በመንገድ ሲጠፋ፣ ያው አረንጓዴ እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ይመጣል። ደብዘዝ ብሎም ይታያል።

ያነበቡት ቀለም ከትክክለኛው የራቀበትን መጠን በዓይን ግምት ከመወሰን በዴልታ ኢ 2000 መለካት ይሻላል፤ ሁለቱን ቀለሞች ሲያስገቡለት የሚያሰላ መሣሪያ በቀላሉ ይገኛል። ከ1 በታች የሆነ ልዩነት ለዓይን አይታወቅም ማለት ይቻላል። 2 ሲደርስ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያስተውል ሰው ይለየዋል። የመጀመሪያው ንባባችን ከ1 በታች ነው፤ ሁለተኛው ግን ከ3 ያልፋል። ለመለያ ቀለም ይህ ተቀባይነት የለውም።

ይህ ዘዴ የማይሠራበት ሎጎ አለ። በቀጫጭን ፊደላት ብቻ የተሠራ ከሆነ ሁሉም ነገር ጠርዝ ነው፤ መሃል የሚባል የለውም። ያኔ ቁጥር ለማውጣት አይድከሙ። ደንበኛውን ሎጎውን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክልዎ ይጠይቁት፤ ቴሌግራም እንደ ፋይል የተላከን ምስል አይጨምቅም።