በሌሊት ሰማይ ምስል ላይ የሚታዩ የቀለም ጥብጣቦች፦ መንስኤያቸውና ማስወገጃቸው

የሌሊት ሰማይን በዲጂታል ካሜራ አንስተን በኮምፒውተር ስንመለከተው፣ ከአድማስ ወደ ላይ ቀስ እያለ መጨለም የሚገባው ሰማይ አንዳንድ ጊዜ እንደ ደረጃ ተከፋፍሎ፣ ጎን ለጎን የተነጠፉ ጥብጣቦች መስሎ ይታያል። በእውነተኛው ሰማይ ላይ እንዲህ ያለ መስመር የለም። ታዲያ ከየት መጣ? በዚህ ጽሑፍ መልሱን በአንድ ምሳሌ እንመለከታለን።

እንደሚታወቀው በተለመደው ባለ 8 ቢት ምስል እያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም ሊይዝ የሚችለው 256 የድምቀት ደረጃዎችን፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ነው። ቁመቱ 1080 ፒክሰል የሆነ የሰማይ ምስል አለን እንበል፤ ድምቀቱም ከላይ 10፣ ከታች 40 ይሁን። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል 30 እርምጃዎች ብቻ ስላሉ፣ እያንዳንዱ ደረጃ 36 ያህል የፒክሰል ረድፎችን ይሸፍናል ማለት ነው። ጥብጣቡ ይህ ነው። በተጨማሪም ዓይናችን የድምቀት ወሰንን አጉልቶ የማየት ባሕርይ ስላለው፣ የአንድ ደረጃ ልዩነት እንኳ ረጅምና ቀጥ ያለ ወሰን ሲሠራ በቀላሉ ይታወቃል። ይህን የዓይን ባሕርይ የፊዚክስ ሊቁ ኧርነስት ማኽ በ1865 እ.ኤ.አ. ገልጾታል።

የመጀመሪያው መፍትሔ የቢት ጥልቀትን መጨመር ነው። በ10 ቢት 1024 ደረጃዎች ስለሚኖሩ፣ በምሳሌያችን 30 የነበሩት እርምጃዎች 120 ይሆናሉ፤ የጥብጣቡም ስፋት ወደ 9 ረድፎች ይወርዳል፣ በወሰኑ ላይ ያለው ልዩነትም በአራት እጥፍ ያንሳል። ይሁን እንጂ ፋይሉ፣ ፕሮግራሙና ስክሪኑ ሁሉም 10 ቢት ማስተናገድ አለባቸው፤ አንዱ እንኳ 8 ቢት ከሆነ ጥቅሙ በዚያ ላይ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው መፍትሔ በመጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ይመስላል፤ ምስሉ ላይ ሆን ብሎ ኖይዝ፣ ማለትም የዘፈቀደ መዋዠቅ መጨመር ነው። ሎውረንስ ሮበርትስ ይህን ዘዴ ለምስል በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አቅርቦታል። አሠራሩን እንመልከት። የአንድ ቦታ እውነተኛ ድምቀት 20.3 ነው እንበል። ዝም ብለን ካጠጋጋነው ሁልጊዜ 20 ይሆናል፤ 0.3 ጠፋ። ከማጠጋጋታችን በፊት ግን በ-0.5 እና በ0.5 መካከል ያለ የዘፈቀደ ቁጥር ብንደምርበት፣ ድምሩ ከ20.5 የሚበልጠው የተጨመረው ቁጥር ከ0.2 ሲበልጥ ነው፤ ይህም ከ10 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከ10 ፒክሰሎች በአማካይ 3ቱ 21፣ 7ቱ 20 ይሆናሉ። አማካዩ 20.3 ነው፤ ዓይናችንም ከርቀት የሚያየው አማካዩን ነው። ወሰኑ በደቃቅ ነጠብጣብ ተተክቶ ጥብጣቡ ይጠፋል።

አንባቢያን ልዩነቱን ራሳቸው እንዲመለከቱ በፓይተን እንዲህ መሞከር ይቻላል፤ `a` ጥብጣብ ያለበት፣ `b` ደግሞ ኖይዝ የተጨመረበት ምስል ነው።

```python
import numpy as np
g = np.linspace(10, 40, 1080)[:, None] * np.ones((1, 1920))
u = np.random.uniform(-0.5, 0.5, g.shape)
a = np.round(g).astype(np.uint8)
b = np.round(g + u).astype(np.uint8)
```

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ኖይዙ የሚጨመረው ከማጠጋጋት በፊት ነው። ምስሉ አንዴ ከተጠጋጋ በኋላ የጠፋው 0.3 ተመልሶ አይመጣም፤ በዚያን ጊዜ የሚጨመር ኖይዝ ወሰኑን ይሸፍን ይሆናል እንጂ አማካዩን አያስተካክልም። በዚሁ ምክንያት ጥብጣብ ያለበትን ባለ 8 ቢት ፋይል ወደ 16 ቢት መለወጥ ብቻውን ምንም አይፈይድም። እንዲህ ባለ ጊዜ ፋይሉን ወደ 16 ቢት ለውጦ፣ ከዋክብቱን ሳይነኩ የሰማዩን ክፍል ከጥብጣቡ ስፋት በላይ ማደብዘዝ፣ ከዚያም ኖይዝ ጨምሮ ወደ 8 ቢት መመለስ ይቻላል።

ጥብጣብ በብዛት የሚፈጠረው ጨለማ ምስልን ስናደምቅ ነው። ያንኑ ሰማይ በ8 ቢት 4 እጥፍ ብናደምቀው፣ 10፣ 11፣ 12 የነበሩት ቁጥሮች 40፣ 44፣ 48 ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ምንም የለም። ይህ ችግር በሂስቶግራም ላይ ጥርሱ እንደ ተራራቀ ማበጠሪያ ሆኖ ስለሚታይ ለመለየት አያዳግትም። ስለዚህ ከካሜራው ጥሬ ፋይል ተነስቶ ሥራውን ሁሉ በ16 ቢት መፈጸም፣ ኖይዙንም በመጨረሻ ወደ 8 ቢት ሲለወጥ መጨመር ይገባል።

ዘዴው ገደብ አለው። ጄፔግ ፋይሉን ለማሳነስ ደቃቅ መዋዠቅን ስለሚጥል፣ በከፍተኛ ሁኔታ ሲጨመቅ ኖይዙ ተጠርጎ ጥብጣቡ ይመለሳል። ይህ መሆኑን ለማወቅ የተቀመጠውን ፋይል አጉልቶ የፒክሰሎቹን ቁጥር ማንበብ ይበቃል። በወሰኑ አካባቢ 20 እና 21 ተደባልቀው ከተገኙ ኖይዙ አለ፤ ሆኖም ጥብጣቡ አሁንም ከታየ ጥፋቱ ከፋይሉ ሳይሆን ከስክሪኑ መፈለግ አለበት። ረድፉ በሙሉ 20፣ ቀጣዩ በሙሉ 21 ከሆነ ግን ኖይዙ ጠፍቷልና፣ ፋይሉን በከፍተኛ ጥራት ወይም በፒኤንጂ እንደገና ማስቀመጥ ያስፈልጋል።