ጂፒኤስ ይሰማል እንጂ አይናገርም

አንዲት እህት በየማለዳው ከሽሮ ሜዳ ተነሥታ ወደ እንጦጦ ማርያም በእግሯ ትወጣለች። የሄደችበትን መንገድ የሚመዘግብ አፕ ስልኳ ላይ አለ። ነገር ግን ፓኬጄ ያልቅብኛል ብላ ስለምትሰጋ ከቤት ስትወጣ «ሎኬሽን» የሚለውን ታጠፋዋለች። ስትመለስ አፑ ባዶ ነው። ስጋቷ እውነት ቢመስልም መሠረቱ ስሕተት ነው፤ ስለዚህ ከመሠረቱ እንጀምር።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት «እኔ እዚህ ነኝ፤ ሰዓቱም ይህ ነው» የሚል መልእክት ሳያቋርጥ ያሰራጫል። ስልካችን ያን ይሰማል፤ መልእክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶም ከሳተላይቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል። ያለበትን ቦታ ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይቶች ያስፈልጉታል፤ ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የስልኩን ሰዓት ስሕተት ለማረም። በዚህ ሁሉ ከስልኩ ወደ ሰማይ የሚላክ አንዳች ነገር የለም። የሬዲዮ ጣቢያ ማን እንደሚያዳምጠው እንደማያውቅ፣ ሳተላይቱም እኛን አያውቀንም። ስለዚህ መስማቱ ብቻውን ከፓኬጅ አንድ ባይት አይቀንስም።

ታዲያ ዳታው በምን ያልቃል? አፑ ከኢንተርኔት በሚያወርደው ካርታና ማስታወቂያ፣ በምንለጥፈውም ፎቶ ነው። መንገዱ ራሱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እናስላ። አፑ በየሰከንዱ አንድ ነጥብ ቢመዘግብ በአንድ ሰዓት 3,600 ነጥብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ 100 ባይት ብንሰጠው ጠቅላላው 360 ኪሎ ባይት ነው። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሰፈሩን ካርታ ቤት ዋይፋይ ላይ ሳለን ያወረደ፣ መዝገቡንም ተመልሶ የሚልክ አፕ በመንገድ ላይ ዳታ አያሻውም።

አንድ ነገር ግን አለ። የሳተላይቱ መልእክት እጅግ ዝግ ያለ ነው፤ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ። የሳተላይቱን ትክክለኛ ቦታ ከመልእክቱ ለማንበብ ብቻ 30 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ዳታ ሲበራ ስልኩ ይህንኑ መረጃ ከኢንተርኔት በቅጽበት ያገኘዋል፤ መጠኑም ጥቂት ነው። ዳታ ከጠፋ ደግሞ ሰማይ በሚታይበት ሜዳ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ ይበቃል። ሳይጠብቁ መሮጥ የጀመሩ ሰዎች ናቸው የመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚጎድልባቸው።

የባትሪው ነገር ከዚህ ይለያል፤ መስማት ዳታ ባይበላም ኃይል ይበላል። ከዚያ ሁሉ ርቀት የሚመጣው ድምፅ በጣም ደካማ ነውና ተቀባዩ ሲያዳምጥ፣ ስልኩም በየሰከንዱ እየነቃ ሲያሰላ ይቆያል። ያም ሆኖ ከጂፒኤሱ ይልቅ ባትሪ የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ በፀሐይ እንዲታይ እስከ ጫፍ የደመቀው ስክሪን ነው። ኔትወርክ በሚደክምበት ገደል ውስጥም ስልኩ ወደ አንቴናው ለመድረስ ኃይሉን ይጨምራል። የአውሮፕላን ሞድ ይህን ያስቀራል፤ በአብዛኞቹ የዛሬ ስልኮችም ጂፒኤሱ ከነሞዱ ይሠራል። ነገር ግን ብቻዋን ጫካ ለምትሄድ ሴት ይህን አልመክርም፤ ብትወድቅ ማንም ሊደውልላት አይችልምና። ዳታውን ብቻ ታጥፋ።

ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል የሚመጣ ሌላ ጥፋትም አለ። በአንድሮይድ ስልኮች የባትሪ ቁጠባ ሲበራ ስክሪኑ እንደጠፋ አፑ ሊተኛ ይችላል። ሲነቃ የተኛበትንና የነቃበትን ነጥብ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ያገናኛቸዋል። ጠመዝማዛው የእንጦጦ መንገድ በካርታው ላይ በዛፉና በገደሉ ላይ የተዘረጋ ገመድ ይመስላል፤ ርቀቱም ይጎድላል። መድኃኒቱ በስልኩ የባትሪ ቅንብር ውስጥ ለዚያ አፕ ብቻ ገደቡን ማንሣት ነው። መስመሩ ቀጥ ሳይሆን እንደ መጋዝ ጥርስ ወዲያ ወዲህ ከዘለለ ግን ጥፋቱ የባትሪ አይደለም። ፎቅ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ድምፁን አንጸባርቆታል ወይም አዳክሞታል፤ ርቀቱም በዚህ ጊዜ ከእውነቱ በልጦ ይታያል።

የራስን ስልክ ለመፈተን ሁለት ማለዳ ይበቃል። ሁለቱንም ቀን በ80 በመቶ ባትሪ፣ በአንድ መንገድ ሂዱ፤ አንዱን ቀን ስክሪን አብርታችሁ፣ ሌላውን አጥፍታችሁ ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ። ልዩነቱ የስክሪኑ ዋጋ ነው። ስክሪን ጠፍቶም ባትሪው ከ30 በመቶ በድንገት ወደ 5 ከወደቀ፣ ባትሪው አርጅቷል፤ ይለወጣል እንጂ አፑን በማጥፋት አይድንም።