የተደገመ ቃል ምን ይናገራል?

«ለሦስት ገበሬዎች አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ተሰጠ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ለሦስቱም በጠቅላላ የወጣው አንድ ኩንታል ነው። «አንድ አንድ ኩንታል ተሰጠ» ቢባል ግን ሦስት ኩንታል ይሆናል። አንዲት ቃል ብትዘለል ሁለት ኩንታል ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ድግግሞሹን እንመልከት።

አንዳንዴ የሚደገመው ቃሉ በሙሉ ሳይሆን አንዱ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ በሬ ትልቅ ነው፤ ብዙ በሬዎች ግን ትልልቅ ናቸው። እዚህ ላይ «ል» ተደግማ ብዛትን አሳየች።

ድርጊትም እንዲሁ ነው። እንስራ ወድቆ ለሁለት ቢከፈል «ተሰበረ» እንላለን። ብትንትኑ ቢወጣ ግን «ተሰባበረ» እንላለን። ከጣሪያ አንዲት ጠብታ ብትወርድ «ጠብ» አለች፤ ሳታቋርጥ ብትወርድ «ጠብ ጠብ» አለች። «ተንጠባጠበ» የሚለውም ከዚሁ ድምፅ የመጣ ነው።

በኦሮምኛ የሚደገመው የቃሉ መጀመሪያ ነው። «ጉዳ» ትልቅ፣ «ጉጉዳ» ትልልቅ ማለት ነው። «ጨብሴ» ሰበረ፣ «ጨጨብሴ» ሰባበረ ማለት ነው። ጨጨብሳም ስሙን ያገኘው ቂጣው ስለሚቆራረስ ነው።

ታዲያ ሁሉም ቃል አይደገምም። በአማርኛ በሬ ሲበዛ «በሬዎች» እንጂ «በሬ በሬ» አይባልም። በኢንዶኔዥያ አገር ቋንቋ ግን «ኦራንግ» ሰው ሲሆን፣ «ኦራንግ ኦራንግ» ሰዎች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለአራት ልጆች ሁለት ሁለት ደብተር ተሰጠ። ስንት ደብተር ወጣ?