የዩሪያን የመሟሟት ኢንታልፒ በፎም ኩባያ ሲለኩ

የመሟሟት ኢንታልፒ ለክቶ ውጤቱ ከሚታወቀው ዋጋ ሲያንስበት፣ የኬሚስትሪ መምህሩም ሆነ የቤተ ሙከራ ባለሙያው ብዙ ጊዜ በኩባያው ያሳብባል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የሙቀት ለውጡ እንዴት እንደተነበበ ነው።

ዩሪያን እንውሰድ። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ከውሃው ሙቀት ስለሚወስድ ኩባያው ይቀዘቅዛል። አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ ሁለት የፎም ኩባያዎች፣ ክዳን፣ እስከ 0.1 ዲግሪ የሚያስነብብ ቴርሞሜትርና ሚዛን ይበቃሉ። ክፍሉ ውስጥ የቆየ 100 ግራም ውሃ ጨምሩና በየደቂቃው ሙቀቱን መዝግቡ። 24.6 ዲግሪ ላይ ጸንቶ ቆየ እንበል። በ4ኛው ደቂቃ 6.0 ግራም ዩሪያ፣ ማለትም 0.10 ሞል፣ በአንድ ጊዜ ጨምሩና ሳታቋርጡ አማስሉ። ዩሪያው ደረቅና በደንብ የተፈጨ ይሁን። እንክብሉ እንዳለ ከገባ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ፣ እስኪያልቅ ድረስ ከክፍሉ ሙቀት ይገባል። እርጥበት የያዘ ከሆነ ደግሞ ከመዘናችሁት ከፊሉ ውሃ ስለሆነ የሞሉ ቁጥር የተጋነነ ይሆናል።

በ6ኛው ደቂቃ ቴርሞሜትሩ 21.3 ያሳያል። ከዚያ 21.4፣ 21.5፣ 21.6 እያለ በየደቂቃው 0.1 ይወጣል። ብዙ ሰው 21.3ን ይዞ ለውጡ 3.3 ዲግሪ ነው ይላል። ነገር ግን ዩሪያው እየሟሟ ሳለም ሙቀት ከውጭ ይገባ ነበር። ስለዚህ ንባቦቹን በግራፍ ወረቀት ላይ አስቀምጡና የመጨረሻዎቹን ነጥቦች የሚያገናኘውን መስመር ወደ ኋላ እስከ 4ኛው ደቂቃ ድረስ ሳቡት። መስመሩ 21.1 ላይ ያርፋል፤ ለውጡም 3.5 ዲግሪ ይሆናል።

አሁን ስሌቱ። የቀዘቀዘው ውሃው ብቻ ሳይሆን ሙሉው ሙሙት ስለሆነ ክብደቱ 106 ግራም ነው። 106 በ4.18 በ3.5 ሲባዛ ወደ 1,550 ጁል ይመጣል። ለ0.10 ሞል ሲካፈል 15.5 ኪሎጁል በሞል ይሆናል። ይህን ሙቀት ውሃው አጥቶታል፣ ዩሪያው ወስዶታል፤ ምልክቱ ስለዚህ አዎንታዊ ነው። ተማሪዎች ሙቀቱ ወረደ ብለው አሉታዊ የሚጽፉት የማን ሙቀት እንደተሰላ ስለሚዘነጉ ነው።

በ3.3 ብታሰሉት ኖሮ 14.6 ታገኙ ነበር። ክብደቱን 100 ብታደርጉት፣ ለውጡ 3.5 ሆኖም፣ ያው 14.6 ይወጣል። ሁለቱ ስህተቶች አንድ ላይ ሲሆኑ ውጤቱ ወደ 13.8 ይወርዳል፤ ለዩሪያ የሚታወቀው ዋጋ ግን 15 አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ግን 15.5ን እንዳለ አትመኑት። 4.18 የንጹህ ውሃ ቁጥር ነው፤ የዩሪያ ሙሙት ከዚያ ጥቂት ስለሚያንስ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ኩባያውና ቴርሞሜትሩ የሚሰጡት ትንሽ ሙቀት ባለመታሰቡ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቴርሞሜትሩ ነው፦ በሁለቱም ንባቦች ላይ 0.1 ዲግሪ ቢሳሳት ከ3.5 ውስጥ እስከ 0.2 ሊስት ይችላል፣ ይህም ወደ 6 በመቶ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ 15.5 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.9 ብላችሁ ጻፉ።