«ሳይደግስ አይጣላም» በለቅሶ ቤት



በከተማችን በድሬዳዋ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የምናየው የደቻቱ ወንዝ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ባለው አደጋ ልጃቸውን ካጡ እናት ቤት ለለቅሶ ገባን እንበል። ለአፋችን የሚቀርበው «እትዬ፣ ይበርቱ እንጂ! እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም!» የሚለው ቃል ነው።

ይህ ምሳሌ ፈተና ለወደቀ ወይም ሥራ ላጣ ወጣት ይስማማል፤ ሌላ ፈተና፣ ሌላ ሥራ ሊገኝ ይችላልና። ሌላ ያ ልጅ ግን አይገኝም። ስለዚህ እኒህ እናት ከቃሉ ውስጥ እኛ ያላሰብነውን ይሰማሉ። «አይጣላም» ሲባሉ እግዚአብሔር ተጣልቷቸው እንደ ነበረ ይሰማቸዋል። «ሳይደግስ» ሲባሉ ከልጃቸው የሚበልጥ ነገር የተዘጋጀላቸው ይመስላል። «ይበርቱ» ደግሞ ኃይል በሌላቸው ሰዓት ሥራ ያዝዛቸዋል።

ቃሉን ለማለዘብ «ግድ የለም፣ ሁሉም ያልፋል» ብንል ብዙም አልተሻለም፤ አሁንም ስለማናውቀው ነገ እንናገራለን። ከምሳሌው ሊቀር የሚገባው ፍሬ «ብቻዎን አልተተዉም» የሚለው ነው። እርሱን ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ ልንለው እንችላለን፦

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ልጅዎን አንረሳውም። ነገ ጠዋት ውኃ ቀድተን እንመጣለን።»

አባቶቻችን ያቆዩልን «ያጽናዎት» የሚለው ቃል ጸሎት ነው። የሚያጸናው እግዚአብሔር ነው እንጂ ኀዘንተኛዋ አንዳች አይታዘዙም፤ ሞቱ ለምን እንደ ሆነም አይተረጎምላቸውም። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ሟቹን ከነገሩ አያወጣውም። ሦስተኛው ስለ ድግስ ከተነገረው ተስፋ እኛ ልንፈጽመው የምንችለውን ያህል ብቻ ይይዛል። በማግስቱ ካልሄድን ግን ከምሳሌው ይልቅ ያሳዝናል።

ንግግራችን እንደ ተስማማ የምናውቀው ከመልሱ ነው። ኀዘንተኛዋ «እሺ» ብለው ፊታቸውን ቢያዞሩ ከብዷቸዋል ማለት ነውና ዝም ብለን እንቀመጥ። ስለ ልጃቸው ማውራት ቢጀምሩ ግን ሳናቋርጥ እናዳምጥ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በዝምታ አብረውት ተቀምጠው ነበር፤ እርሱን ያቈሰሉት አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት መተርጎም በጀመሩ ጊዜ ነው።

እናቲቱ ራሳቸው «ሳይደግስ አይጣላም» ቢሉስ? እንዲህ ማለት ለእርሳቸው የተፈቀደ ነው፤ አናርማቸውም፣ እኛም አንጨምርበትም። «አሜን» ብለን አጠገባቸው እንቀመጥ።