«ዋጋ ቀነሰ» ከማለትሽ በፊት

እስቲ ጠጋ በይ፣ የጻፍሽውን ልየው። «በመስከረም ወር የቁጠባችን ዋጋ ቀንሷል።» እዚህ ላይ ቁሚ፣ እህት ዓለም። ይህ ወረቀት ዳባትና ደባርቅ ሄዶ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል። እዚያ «ዋጋ ቀነሰ» ሲባል ሰው የሚያስበው ብሩን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ማን ይረሳል? «ደግሞ የእኛም ቁጠባ እንደዚያ ሆነ» ብለው በማግስቱ ደብተራቸውን ይዘው በር ላይ ይሰለፋሉ።

የማኅበራችን ቁጠባ እኮ እንደ አክሲዮን ገበያ ከፍ ዝቅ የሚል ዋጋ የለውም። አንዲት አባል ደብተሯ ላይ 12,000 ብር ካለ፣ ካላወጣች በቀር በመስከረምም በጥቅምትም ያው 12,000 ብር ነው፤ ወለድ ሲታሰብላት ይጨምራል እንጂ። የቀነሰው በጋራ ቋቱ ውስጥ ያለው ድምር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ «በማንም ደብተር ላይ ያለ ገንዘብ አልተቀነሰም» ይበል። ምክንያቱን ከዚያ በኋላ አምጪው።

አሁን ቁጥሮችሽን አምጪ። ወሩ ሲጀምር 6,200,000 ብር ነበር። 310,000 ገባ፣ 540,000 ወጣ፣ የቀረው 5,970,000 ነው። ቋቱ የጎደለው 230,000 ነው ማለት ነው። ለምን እንደወጣ ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። መስከረም የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የደብተርና የዩኒፎርም ወር ነው፤ እንቁጣጣሽና መስቀልም አሉበት። ደጋው ላይ ደግሞ ገብሱና ስንዴው ገና ማሳ ላይ ነው። ምርቱ ተወቅቶ ገበያ እስኪወጣ ድረስ የሚያስቀምጥ ጥቂት፣ የሚያወጣ ብዙ ነው። ያለፈውን ዓመት መስከረም አጠገቡ አስቀምጪ፤ ያኔም ጎድሎ ከነበረ አባላቱ ራሳቸው ልማዱን ያዩታል። ያኔ ካልጎደለ ግን በበዓል አታሳብቢ፣ ሌላ ምክንያት ፈልጊ።

ሌላው የደበቅሽው ነገር ይህ ነው፤ አዎ፣ ደብቀሽዋል፣ የመጨረሻው መስመር ላይ በትንሹ ጽፈሽዋል። ውዝፍ ብድር። ለበግና ለበሬ ማድለቢያ የተሰጡ ሦስት ብድሮች፣ በድምሩ 180,000 ብር፣ መክፈያቸው ካለፈ ሦስት ወር ሞልቷል። ኮሚቴው ግማሹን፣ 90,000 ብር፣ «ላይመለስ ይችላል» ብሎ በመጠባበቂያ ይዟል። ይህ ቁጠባውን አይነካም። የሚነካው የዓመቱን ትርፍ ነው።

እንዴት እንደሚነካ አስልተሽ አሳዪያቸው። በአዋጅ 985/2009 መሠረት ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለማኅበሩ መጠባበቂያ ይቀመጣል። ከቀሪው ነው ለአባላት የትርፍ ድርሻ የሚከፈለው። ትርፉ በ90,000 ሲያንስ ለክፍፍል የሚቀርበው በ63,000 ያንሳል። በ1,800 ዕጣ ሲካፈል ለአንድ ዕጣ 35 ብር ነው። «ኪሳራ» የሚለው ቃል ሰው ያስደነግጣል፣ 35 ብር ግን ማንም ይገባዋል። ተበዳሪዎቹ ምርት ሸጠው በጥር ከከፈሉ ደግሞ የተያዘው ተመልሶ ትርፍ ይሆናል። ይከፍላሉ ብለሽ ግን ቃል አትግቢ። የተበዳሪዎቹንም ስም አታንሺ፤ መንደሩ ጠባብ ነው።

«ገንዘባችሁ ሙሉ ዋስትና አለው» የሚለውን ደግሞ ሰርዢ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር የሚሸፍነው የባንክና የማይክሮ ፋይናንስ ደንበኞችን ነው፤ የእኛን አይነት ማኅበር አይመለከትም። የእኛ መከታ የማኅበሩ መጠባበቂያና ዕጣ፣ በባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ፣ ከሁሉም በላይ ብድሩ በጊዜው መመለሱ ነው። ባንክ ያለው 1,100,000 ብር ነው ብለሻል። መስከረምን በመሰለ ወር ምንም ገቢ ባይኖር እንኳ ሁለት ወር ያህል ያስኬዳል። ይህንን በግልጽ ጻፊው። ሌላው ገንዘብ በብድር ላይ ስለሆነ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ልውሰድ ቢል እንደማይገኝም አትሸሽጊ። ትልቅ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት ያሳውቅ በይ።

መጨረሻ ላይ «ኮሚቴው ጠንክሮ እየሠራ ነው» ብለሽ ያስገባሽው ለማንም አይጠቅምም። በምትኩ «የቁጠባ ደብተርዎን ይዘው ይምጡና ከቢሮው መዝገብ ጋር ያመሳክሩ» ብለሽ ጻፊ፣ ቀንና ሰዓቱንም ጨምሪ። የደብተሩና የመዝገቡ ቁጥር ከተለያየ ነገሩ የመስከረም ወጪ ወይም የውዝፍ ብድር ጉዳይ አይደለም፤ ያን ጊዜ ቁጥጥር ኮሚቴው መጠራት አለበት። በይ አሁን እንደ አዲስ ጻፊውና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።